ለሒሳብ ሠራተኛነት የተወዳደሩበት ውጤት

ለወይዘሪት ሐያት፣

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ባለው ቢሯችን በሒሳብ ሠራተኛነት ለመቀጠር የተወዳደሩበትን ውጤት ላሳውቅዎ ነው። ለዚህ ቦታ የመረጥነው ሌላ ተወዳዳሪ ነው። ሌላ ያመለከቱበት ካለ እኛን ሲጠብቁ እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው ነገሩን ከመጀመሪያው የተናገርኩት።

ይቅርታም አለብኝ። በ1 ሳምንት እንነግርዎታለን ብዬ 3 ሳምንት አስጠበቅኩዎት። መጨረሻ ላይ የቀራችሁት 2 ሰዎች ነበራችሁ፣ ውሳኔው የተጓተተውም በዚያ ነው። ቢሆንም መሀል ላይ አንድ ስልክ መደወል አያቅተኝም ነበር።

ወደ ምክንያቱ ልምጣ። የተመረጠው ሰው 4 ዓመት ሠርቷል፤ የወር ሒሳብ ብቻውን ዘግቶ ያውቃል። ነባሩ ሠራተኛችን በዚህ ወር መጨረሻ ስለሚለቅ፣ አዲስ ገቢውን አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያሳየው የለም። የእርስዎ ልምድ 1 ዓመት ነው። ማስታወቂያው 2 ዓመት እያለ የጠራንዎት ማመልከቻዎ ስለሳበን ነው፤ መጥራታችንም አላስቆጨንም።

እንዲህ ያለ መልስ ሲደርስ «ቦታው ቀድሞ በዘመድ ተይዟል» ማለት የተለመደ ነው። አልፈርድም፤ እኔም ሥራ ስፈልግ የማስበው እንደዚያው ነበር። የእኛን ፈተና ግን 2 ሰዎች ለየብቻ ነው ያረሙት፤ ወረቀቱ ላይም ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም።

ፈተናዎን አንስቼ ጥቂት ልበል፣ ምናልባት ለሌላ ቦታ ይጠቅምዎታል። የባንክ ማስታረቂያው ላይ ሆን ብለን 2 ጊዜ የመዘገብነው ቼክ ነበር። እሱን ያገኙት እርስዎ ብቻ ነዎት። መብራት የሄደ ጊዜም ሌሎቹ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሲጠብቁ፣ እርስዎ ካልኩሌተርዎን አውጥተው ወረቀት ላይ ቀጠሉ። ነባሩ ሠራተኛችን ይህንን እስካሁን ያነሳዋል።

ነጥብ የቀነሰብዎ የደመወዝ መክፈያው ነው። ጡረታውን ያሰሉት የመጓጓዣ አበሉን ደምረው ነበር። የሚሰላው ግን ከመነሻ ደመወዙ ብቻ ነው። ደመወዙ 9,000፣ አበሉ 1,000 ብር ስለነበር የሠራተኛው 7 በመቶ 630፣ የአሠሪው 11 በመቶ ደግሞ 990 መሆን ነበረበት። እርስዎ 700 እና 1,100 ጻፉ። ስሌቱን ያውቁታል፣ የተሳተው መነሻው ነው፤ ይኼ በአንድ ቀን የሚስተካከል ነገር ነው። ፒችትሪ ላይ የወሩን መዝጊያ አለመጨረስዎ ግን የልምድ ጉዳይ ይመስለኛል። መብራት በመሄዱ የባከነውን ሰዓት ለሁሉም ጨምረናል፤ ያም ሆኖ ለእርስዎ አልበቃም።

ከዚህ በኋላስ? በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የበጀት ዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ፣ ቆጠራውንም ሰነዱንም የሚያግዝ ሰው ለ2 ወር እንቀጥራለን። ዘንድሮ ማስታወቂያ ከመለጠፋችን በፊት እርስዎ ጋ እደውላለሁ። ሥራው ጊዜያዊ ነው፤ ወደ ቋሚ ይዞራል ብዬም ቃል አልገባም። የወር አዘጋጉን እጅዎ ላይ ለማስገባት ግን ከእሱ የተሻለ ጊዜ የለም። እስከዚያ ሌላ ሥራ ካገኙ ደስ ይለኛል፤ «ይዣለሁ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። ቋሚ ቦታ ሲከፈትም እንደገና ያመልክቱ። የአሁኑ ውጤት አይያዝብዎትም።

የዲግሪዎና የሥራ ልምድዎ ኮፒ ፋይላችን ውስጥ አለ። ለሐምሌው እንዲቆይልን እንፈልጋለን። ካልፈለጉ ለዚሁ ኢሜይል አንድ መስመር ይመልሱልኝና እናስወግደዋለን። ጥያቄ ካለዎትም እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ውጤቱ ትክክል አይደለም ብለው ካሰቡ ወረቀቱን አውጥቼ አሳይዎታለሁ።

ከደሴ 2 ጊዜ ወርደው መጥተዋል። ሁለተኛው ቀን ሐረጎ በጭጋግ ተሸፍኖ መኪናው እየዳከረ እንደወረደ ነግረውኛል። ሆኖም ከሰዓቱ 10 ደቂቃ ቀድመው ነበር የደረሱት። ለሐምሌው የምንነጋገረው በስልክ ስለሆነ ለቃለ መጠይቅ ብለው አይወርዱም።

ስለ ጊዜዎና ስለ ድካምዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰይድ
የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ኮምቦልቻ