ቀይ ቀበሮ ከስፍን እስከ ዝርያ፦ ሳይንስ እንስሳትን የሚመድበው እንዴት ነው?

የእንስሳት ምደባ ሲባል ብዙ ተማሪ ሰባት ስም መሸምደድ ይመስለዋል። ስፍን፣ ክፍለስፍን፣ መደብ፣ ክፍለመደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ። በእንግሊዝኛ የተማራችሁ ኪንግደም፣ ፋይለም፣ ክላስ፣ ኦርደር፣ ፋሚሊ፣ ጂነስ፣ ስፒሺስ ብላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ስሞቹን መያዝ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ግን ዝምድና ነው። እኛ አገር ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደሚቆጠረው ሁሉ፣ ሳይንቲስቶችም ይህ እንስሳ ለማን ይቀርባል፣ ከማን ይርቃል እያሉ ነው የሚቆጥሩት።

በአንድ እንስሳ እንየው። የባሌና የሰሜን ተራሮችን ቀይ ቀበሮ እንውሰድ።

ስፍኑ እንስሳት፣ በሳይንሱ ስም አኒማሊያ ነው። አካሉ ከብዙ ሴሎች የተሠራ ነው፤ እንደ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን አያዘጋጅም፣ በልቶ ነው የሚያድረው። እዚህ ደረጃ ላይ ከጉንዳንም፣ ከምድር ትልም፣ ከዓሣም ጋር አንድ ላይ ነው።

ክፍለስፍኑ ኮርዳታ ይባላል። እዚህ የሚገቡት ቢያንስ በፅንስነታቸው ጊዜ ጀርባቸውን ይዞ የሚሄድ ደጋፊ ዘንግ የሚኖራቸው ናቸው፤ በአብዛኞቹ ይህ ዘንግ ኋላ በአከርካሪ አጥንት ይተካል። ጉንዳንና ትል እዚህ ላይ ተሰናበቱ። መደቡ ደግሞ አጥቢዎች፣ ማማሊያ ነው፦ ፀጉር ያለው፣ ልጁን ወተት የሚያጠባ። ዓሣ፣ እባብና ወፍ ወጡ፤ የሌሊት ወፍና ዓሣ ነባሪ ግን አጥቢ ናቸውና አብረውን አሉ።

ክፍለመደቡ ካርኒቮራ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስሙ ሥጋ በል ማለት ስለሆነ ምደባው በምግብ የተደረገ ይመስላል። አይደለም! ፓንዳ ቀኑን ሙሉ ቀርከሃ ሲበላ የሚውል እንስሳ ነው፣ ግን የድብ ዘመድ ስለሆነ እዚሁ ክፍለመደብ ውስጥ ነው ያለው። ጅብንም አስቡት። መልኩን ያየ ሁሉ የውሻ ዘመድ ነው ይላል፤ የዘር ሐረጉ ሲጠና ግን ከውሻ ይልቅ ለድመት የሚቀርብ ሆኖ ነው የተገኘው። መልክ ያታልላል፤ ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች አጥንትን፣ ጥርስን፣ የፅንስን አስተዳደግና ዘረመልን አንድ ላይ የሚያዩት።

አስተኔው ካኒዴ፣ የውሾች ቤተሰብ ነው። ድመት፣ አንበሳ፣ ጅብና ድብ እዚህ ይቀራሉ። የሚቀጥሉት ውሻ፣ ተኩላና የቀበሮ ዓይነቶች ናቸው።

ወገኑ ካኒስ ነው። የቤት ውሻና ግራጫው ተኩላ ያሉበት ወገን ማለት ነው። የአውሮፓው ቀይ ፎክስ ግን በሌላ ወገን፣ በቩልፔስ ውስጥ ነው። የኛው ቀይ ቀበሮ ድሮ በእንግሊዝኛ የሰሜን ፎክስ ይባል ነበር፣ ቀላ ያለና ቀጭን አፍ ያለው ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ የዘረመል ጥናት ግን ለፎክስ ሳይሆን ለተኩላ እንደሚቀርብ አረጋገጠ፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ተኩላ የሚባለውም በዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ ዝርያው፦ ካኒስ ሲሜንሲስ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን ይነግራችኋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ዝርያውን። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣለት ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል ሲሆን፣ ሲሜንሲስ ያለው ከሰሜን ተራሮች ወስዶ ነው። በሁለት ቃል የመሰየሙን ሥርዓት ያስፋፋው ግን ስዊድናዊው ካርል ሊንየስ ነው፤ የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም በይፋ የሚቆጠረውም እ.ኤ.አ. ከ1758ቱ መጽሐፉ ጀምሮ ነው። ሰባቱንም ደረጃ እሱ አላወጣም፤ ክፍለስፍንና አስተኔ በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ዝርያ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ለጀማሪ የሚሰጠው መልስ እርስ በርሳቸው ተራብተው መውለድ የሚችል ልጅ የሚወልዱ እንስሳት የሚል ነው። ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ሁሌም አይሠራም። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ከቤት ውሻ ጋር ተዳቅሎ መውለዱ ተመዝግቧል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ዝርያዎች ተብለው ነው የሚቆጠሩት። ይሄ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ናቸው፣ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ከውሻ ጋር መዳቀልና ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እውነተኛ አደጋ ናቸው።

አሁን ራሳችሁ በቤት ድመት ሞክሩት። እስከ ክፍለመደቡ ድረስ ምንም አይቀየርም። ከዚያ አስተኔው ፌሊዴ፣ ወገኑ ፌሊስ፣ ዝርያው ፌሊስ ካቱስ ይሆናል። አንበሳም ፌሊዴ ውስጥ ነው፤ ወገኑ ግን ፓንቴራ ነው። ስለዚህ አንበሳ ለድመታችሁ ከቀይ ቀበሮ ይበልጥ ይቀርባል።