የናቲ ሽሮፕ ካርቶን ላይ የተጻፈው በአማርኛ

እትዬ ዘነበች፣ እንደምን አመሹ። የላኳቸው ሦስቱም ፎቶዎች ደርሰውኛል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሳልቀንስ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። ራሴ የጨመርኩትን «ከእኔ» እያልኩ ለይቼዋለሁ፣ ከመድኃኒቱ ጽሑፍ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ።

ፊት ለፊት

«አሞክሲሲሊን። በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት። 5 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን ይይዛል። ሲበጠበጥ 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሸጥም።»

ከእኔ፦ አንቲባዮቲክ ነው፣ ከፔኒሲሊን ወገን። የትኩሳት ማስታገሻ አይደለም። 250 የሚለውን ቁጥር ይተዉት፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገው 5 የሚለው ነው።

ፋርማሲስቷ በእጅ የጻፈችው

«5 ሚሊ ሊትር፣ በየ8 ሰዓቱ፣ ለ5 ቀን።»

ከእኔ፦ እዚህ ጋ ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። «በየ8 ሰዓቱ» ማለት ሰዓቱ 8 ሲሆን ማለት አይደለም። አንዴ ከሰጡት በኋላ 8 ሰዓት ቆይተው ይደግሙለታል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8 እና ማታ 4 ሰዓት። ዛሬ ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ከጀመሩ የመጨረሻው፣ 15ኛው ማለት ነው፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይሆናል። ረቡዕ ላይ ድኖ ሲሯሯጥ ቢያዩትም አያቋርጡ። መለኪያው ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ፕላስቲክ ናት፣ 5 የሚለው መስመር ድረስ። የቤት ማንኪያ አይሁን፤ የእርስዎ ቤት ማንኪያዎች እንኳ እርስ በርስ እኩል አይደሉም።

አበጣጠብ (የግራ ጎን)

«ዱቄቱ እንዲላቀቅ ጠርሙሱን መታ መታ ያድርጉ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠርሙሱ ላይ ካለው ምልክት ትንሽ ዝቅ አድርገው ይጨምሩ። ክዳኑን ዘግተው በደንብ ይናጡ። አረፋው ሲወርድ ውሃውን እስከ ምልክቱ ይሙሉና እንደገና ይናጡ። ሁልጊዜ ከመስጠትዎ በፊት በደንብ ይናጡ።»

ከእኔ፦ መናጡን አይርሱ። መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣል። ካልተናጠ መጀመሪያ ላይ የሚጠጣው ቀጭን፣ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ከልክ በላይ ወፍራም ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ (የቀኝ ጎን)

«ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ሰው አይሰጥ። የታዘዘው መጠን እስኪያልቅ ይወሰድ። ሕፃናት በማያዩትና በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።»

ከእኔ፦ እናቱን ጠይቄያታለሁ፤ ከዚህ በፊት ወስዶት ምንም አልሆነም። ቢሆንም ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ መስጠትዎን አቁመው ይደውሉልኝ። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ስልኩን ይተዉትና ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ። ሽሮፑ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ናቲን ያውቁታል። የፍሪጁ የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ያስቀምጡት።

አቀማመጥ

«ሳይበጠበጥ፦ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት፣ በደረቅና ብርሃን በማያገኘው ቦታ። ከተበጠበጠ በኋላ፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ። በረዶ አያድርጉት። ከ7 ቀን በኋላ የተረፈውን ያስወግዱ።»

ከታች በጥቁር ቀለም የታተሙት መስመሮች

«የምርት መለያ ቁጥር» (ፎቶው ላይ አንጸባርቆ አይነበብም፤ ለአሰጣጡ አያስፈልግም)
«የተመረተበት 09/2024»
«የአገልግሎት ማብቂያ 08/2026»

ከእኔ፦ እነዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ካነበቡት 2026 ገና 8 ዓመት የቀረው ይመስላል፣ 08ም ሚያዝያን። እንደዚያ አይደለም። የፈረንጆቹ ኦገስት 2026 ነው፣ የሚያልቀውም ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.። ቀን ካልተጻፈ እስከ ወሩ መጨረሻ ማለት ነው። ዛሬ ኅዳር 15 ስለሆነ ችግር የለውም።

ግን ይህ ቀን የሚሠራው ላልተከፈተ ጠርሙስ ነው። ውሃ ከገባበት በኋላ የሚቆጠረው ያ 7 ቀን ነው። ዛሬ ከበጠበጡት ሰኞ ኅዳር 22 ያበቃል። በፕላስተር ላይ «ኅዳር 15 ተበጠበጠ» ብለው ጠርሙሱ ላይ ይለጥፉልኝ። ናቲ በጠቅላላው 75 ሚሊ ሊትር ነው የሚጠጣው፣ ስለዚህ 25 ይተርፋል። ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብለው አያስቀምጡት፣ ለጎረቤት ልጅም አይስጡ።

አንድ መስመር ብቻ አልተረጎምኩም። በቀኝ ጎን፣ ከማስጠንቀቂያው ሥር፣ የዋጋው ወረቀት ሸፍኖታል። በግምት ልሞላው አልፈለግሁም። ወረቀቱን ቀስ ብለው ይላጡትና ያንን ቦታ ብቻ ቀረብ አድርገው አንሥተው ይላኩልኝ። ወረቀቱ አልላቀቅ ካለ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንሡት። ከ4 ሰዓት በፊት ከደረሰኝ ወዲያው እመልስልዎታለሁ።