ቡናው ሳይቀዳ፦ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ

(ሰኔ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ዋርካው ሥር። ተናጋሪዋ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። የሚያዝ፦ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ የደቀቀ ከሰል፣ ነጭ ጨርቅ፣ ባዶ ሃይላንድና ምስማር።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ? ብዙ አላቆያችሁም። ቡናው እየተፈላ ነው፤ ሦስተኛው ሳይደርስ እጨርሳለሁ።

እንግዳ ሲመጣ እጅ እናስታጥባለን። መልካም ባህል ነው። ግን እስቲ ልብ በሉ። ከምግብ በፊት ውሃ ጠብ ጠብ እናደርግለታለን፤ እሱም ጣቱን አርጥቦ ያራግፋል። ከበላ በኋላ ግን «ሳሙና አምጡ!» እንላለን፤ ወጡ እጁ ላይ እንዳይሸት። እኔም ቤት እንዲሁ ነበር። ሳሙናው የሚመጣው እድፉ ሆድ ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው።

(ሁለት ልጆች ይጠራሉ። እጃቸው ዘይትና ከሰል ይቀባል።)

አንተ በውሃ ብቻ ታጠብ። አንቺ በሳሙና። መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሀል፣ ጥፍር ሥር። ሁላችን ቀስ ብለን እስከ 20 እንቁጠርላት። አሁን ሁለታችሁም በዚህ ነጭ ጨርቅ አድርቁ።

(ጨርቁ ከፍ ተደርጎ ይታያል።)

አያችሁ? ዓይነ ምድርም እንደዚህ ከሰል ይጣበቃል። ልዩነቱ እሱ አለመታየቱ ነው።

ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ፣ ምግብ ከመሥራታችን በፊት፣ ከመብላታችንና ልጅ ከማጉረሳችን በፊት እንታጠብ። አንዱን ግን ደግሜ እላለሁ፦ ልጅ ካጸዳን በኋላ። «የሕፃን ዓይነ ምድር ምን አለው?» ሲባል እሰማለሁ። አለው! እንደ አዋቂው ሁሉ በሽታ ያስተላልፋል። ሽንት ቤት ይጣል፤ እጅም ይታጠብ። ሳሙና ካለቀ ንጹሕ አመድ ይሠራል። የታጠበን እጅ በቀሚስ ጫፍ አትጥረጉት፤ አራግፉትና ይድረቅ።

(ሃይላንዱ ከታች በኩል በምስማር ይበሳል፤ ውሃ ይሞላል፤ ክዳኑ ይጠብቃል።)

ይኸው ቧንቧ። ክዳኑን ሳላላው ይፈሳል፤ ሳጠብቀው ያቆማል። በገመድ ሽንት ቤቱ በር ላይ ስቀሉት። ሳሙናውንም አጠገቡ። ውሃ ፍለጋ ጓዳ የሚገባ ሰው መንገድ ላይ ይረሳዋል፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ወደ ውሃው ልምጣ። የጎለበተ ምንጭ ስላለን «ውሃችን ንጹሕ ነው» እንላለን። ምንጩ ላይ ልክ ነው። ከዚያስ? ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ክዳኑ ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ቤት ሲደርስ እንስራ ውስጥ ይገለበጣል፤ ልጁ ጣሳውን ከነእጁ ይነክራል። ያን ጊዜ የምንጩ ንጽሕና አበቃ። ስለዚህ ጀሪካኑን ጠጠርና ሳሙና ጨምራችሁ እየናጣችሁ እጠቡት። ክዳን ፈልጉለት። ውሃውን አፍስሱት እንጂ አትጭለፉት።

አሁን ደግሞ ክረምት እየገባ ነው። ጎርፉ ሜዳ ላይ የተጸዳዳነውን ሁሉ ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል። አተት የሚነሣውም በዚህ ወቅት ነው። ከወንዝ የምትቀዱ ውሃውን አፍሉት። ጭስ ማለቱ አይበቃም፤ እየተንፈቀፈቀ 3 ደቂቃ ይቆይ። እኛ ደጋ ነን፤ ደጋ ላይ ውሃ ብዙ ሳይግል ቶሎ ይፈላል። እንጨት ከቸገረ የውሃ ማከሚያ አለ። የደፈረሰውን አጥልታችሁ፣ ማሸጊያው ላይ ለ20 ሊትር የተባለውን ያህል ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ማንበብ ለማይችል ተማሪ ልጅ ያንብብለት። «በረኪና በረኪና ይላል» የምትሉት እውነት ነው። ትንሽ ስትለምዱት ይቀላል።

(አንድ አባት፦ «ልጄ፣ እኛ ይህንኑ ወንዝ ጠጥተን አይደል ያረጀን?»)

እውነት ነው አባባ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። እዚህ የተቀመጥነው ግን የተረፍነው ነን። ያልተረፉትን እናቶች ያውቋቸዋል።

(ትንሽ ዝም ይባላል።)

ልጅ ካስቀመጠው ጡት አይከልከል። ኦአርኤስ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት አጠጡት። ጤና ኬላ መጥታችሁ ዚንክም ውሰዱ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ካያችሁበት ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ከወረደው ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት አምጡት። አዋቂም ቢሆን።

ቡናው ደርሷል፤ ዳቦውም ሊቆረስ ነው። ሃይላንዱን ዋርካው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሳሙናው ከሥሩ ነው። አባባ፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ልጆች፣ ለአባባ ቁጠሩላቸው፦ አንድ፣ ሁለት…