ሉፕ ቼክ ሳያልቅ እንፋሎት አይከፈትም

እንደምን አደራችሁ። ረጅም አላወራም፤ ዛሬ ሉፕ ቼክ ነው፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ከነገመዱ እስከ ስክሪኑ ስለምንፈትሽ ብዙ መሰላል ትወጣላችሁ።

ትናንት አንዳችሁ ስክሪኑን አይቶ «ሁሉም እያነበበ ነው እኮ፣ ምኑን ነው የምንፈትሸው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ስኳር ፋብሪካ ሁለት የአገዳ ጭማቂ ማሞቂያዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ጭማቂውን 72 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ሁለተኛው 103። ፋብሪካው ቆሞ ሳለ የማሞቂያዎቹ የሙቀት መለኪያ ትራንስሚተሮች፣ TT-101ም TT-102ም፣ 26 ዲግሪ ያሳያሉ። ያው የአየሩ ሙቀት ነው። አየሁና ፈረምኩ። አዎ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለካ ጃንክሽን ቦክሱ ውስጥ የሁለቱ ገመድ ተቀያይሮ ታስሯል።

እንፋሎት ተከፈተ። የሁለተኛው ማሞቂያ ኮንትሮለር 103 ይፈልጋል፣ የሚያየው ግን የመጀመሪያውን 72 ነው። ቫልቩን ከፈተ። የመጀመሪያው ደግሞ የሁለተኛውን ሙቀት እያየ «በዛ» ብሎ የራሱን ዘጋ። ጭማቂው ቀዝቅዞ ሲመጣ ሁለተኛው ይባስ ከፈተ። አንዱ ሌላውን እየገፋ ጭማቂው ፈላ። ስክሪኑ ላይ የተበላሸ መሣሪያ አልነበረም። ፋብሪካ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ልክ ይመስላል።

ስለዚህ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሬዲዮ። አንዱ ትራንስሚተሩ ጋ ገመዱን ፈትቶ በካሊብሬተር 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 ሚሊአምፔር ይልካል። ኮንትሮል ሩም ያለው 0፣ 25፣ 50፣ 75፣ 100 ፐርሰንት ማየት አለበት። አደራ፣ ላኪው ቁጥሩን ቀድሞ እንዳይናገር! «12 ልኬያለሁ፣ 50 አየህ?» ካላችሁት የደከመ ሰው «አዎ አዎ» ይላችኋል። «ስንት አየህ? ሌላ የተንቀሳቀሰ ታግ አለ?» በሉት።

ትራንስሚተሩ ላይ የተሞላውን ሬንጅም በኮሚዩኒኬተር አንብቡና ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ትራንስሚተሩ ከ0 እስከ 150 ሆኖ ስክሪኑ ከ0 እስከ 200 ከሆነ፣ 12 ሚሊአምፔር ላይ እውነተኛው 75 ዲግሪ ነው፤ ኦፕሬተሩ ግን 100 ያያል። 4 ላይ ሁለቱም ዜሮ ስለሆኑ እዚያ ብቻ የፈተሸ አያገኘውም። ገመዱ ተፈትቶ ሳለ አላርም መምጣቱንም እዩ።

ቫልቭ ላይ ስክሪን አትመኑ። 50 ሲታዘዝ ግንዱ እስከ ግማሽ መሄዱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ አየሩን ዝጉበት። የእነዚህ ማሞቂያዎች የእንፋሎት ቫልቭ አየር ሲያጣ መዘጋት አለበት። ከተከፈተ ሥራ አቁማችሁ ጥሩኝ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ስትጨርሱ ገመዱን መልሳችሁ እሰሩ፣ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ያላያችሁትን ሉፕ ደግሞ ጓደኛ ስለለመነ እንዳትፈርሙ።

በሉ፣ ከTT-101 እንጀምር። መሰላሉን ማን ይወጣል?