የ11ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የቃል ፈተና፦ የፈታኞች ቅጂ

ለባልደረቦቼ፤

ይህ ወረቀት ተማሪ እጅ እንዳይገባ አደራ። ፈተናው ግንቦት 18 እና 19 በቤተ ሙከራው ውስጥ ይሰጣል። ለአንድ ተማሪ 15 ደቂቃ ተመድቧል፤ የሚያዘው ከ20 ነው። ሁሉም የሚጠየቁት በዚህ ሴሚስተር በእጃቸው ስለሠሩት የአቼቶ ቲትሬሽን ነው፦ ከሱቅ የተገዛ አቼቶ 10 ሚሊ ሊትር ተለክቶ በተጣራ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ ከዚያ 25 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወደ ፍላስክ ይገባል፤ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በፌኖልፍታሊን ጠቋሚነት ይለካል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከተጻፈ ከቡሬቱ የሚወርደው 21 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆን አለበት።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትደናቀፍ ወጣችው። «ፍላስኩንስ ለምን በአሲዱ አታለቀልቂውም?» ስላት ጣሪያውን አየት አደረገችና «መምህር እንደዚያ ስላሉን» አለች። መምህሩ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ዘንድሮ «ቀጥሎ ምን ይደረጋል?» የሚል ጥያቄ የለም። የምንጠይቀው «ይህ ባይደረግ ውጤቱ ወዴት ያጋድላል?» እያልን ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይስ የትም? ምክንያቱን የገባው ተማሪ አቅጣጫውን ያውቃል፤ ያልገባው «ሙከራው ይበላሻል» ብሎ ያልፋል። «ይበላሻል» ነጥብ አያሰጥም።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም መልሱ በአማርኛ ቢመጣ አንቀንስም። እንዲያውም በእንግሊዝኛ የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ «እስቲ ለታናሽ እህትህ እንደምትነግራት አድርገህ ንገረኝ» በሉ። ጥያቄዎቹን በ«አንቺ» የጻፍኳቸው ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ነው፤ እንደ ተማሪው አስተካክሉ።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት፦ በማቆሚያ የታሰረ ቡሬት፣ ፒፔት፣ ሁለት ባዶ ፍላስኮች፣ የአቼቶው ጠርሙስ፣ ቴርሞሜትር። በተማሪው በስተግራ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ክዳን የሌለው ፍላስክ ይኑር፤ ውስጡ ተለክቶ ያለቀ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ፈሳሽ ይሁን። ተማሪው ሲገባ አንድ ጊዜ «ቀለሙን አየሽው?» በሉና ተዉት። እስከ መጨረሻው ስለ እሱ አትናገሩ፤ በየመሀሉ ግን እንደ ዋዛ አንስታችሁ ነቅነቅ አድርጉት።

ጥያቄ አንድ (6 ነጥብ)

ቡሬቱን፣ ፒፔቱንና ፍላስኩን አንድ በአንድ እየጠቆማችሁ፦ «ሦስቱም ታጥበው በተጣራ ውሃ ተለቅልቀዋል፤ ውስጣቸው ገና እርጥብ ነው። እንዲሁ እርጥብ እንዳሉ ብንጠቀምባቸው የአቼቶው መጠን ከእውነተኛው በልጦ የሚወጣው በየትኛው ነው? የሚያንሰውስ? ምንም የማይለውጠውስ?»

በቡሬቱ የቀረው ውሃ ሃይድሮክሳይዱን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ደግሞ ብዙ ይወርዳል፤ ስለዚህ አቼቶው ከሆነው በላይ ብርቱ መስሎ ይወጣል። በፒፔቱ የቀረው አሲዱን ያቀጥነዋል፤ ውጤቱ ያንሳል። በፍላስኩ ያለው ውሃ ምንም አያመጣም፤ በፒፔት የገባው የአሲድ ሞለኪውል ብዛት ውሃ ስለተጨመረበት አይቀንስም። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ከነምክንያቱ ሁለት ነጥብ ስጡ፤ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ አንድ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በፍላስኩ ላይ ነው። «ውሃ አሲዱን ያቀጥነዋል» የሚለው አባባል እውነት ስለሆነ ያሳስታል፤ መቅጠኑ ልክ ነው፣ መቀነሱ ግን አይደለም። እዚህ የቆመ ተማሪ ካለ አንድ መደገፊያ ይፈቀዳል፦ «አንድ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ስኒ ሻይና በትልቅ ብርጭቆ ሻይ ብታማስይ፣ ስኳሩ የሚበዛው በየትኛው ነው?» ከዚህ በኋላ ራሷን ካረመች ሙሉ ነጥብ ይገባታል። ፈተና ላይ ማሰብ ቅጣት የለውም።

ጥያቄ ሁለት (4 ነጥብ)

ቡሬቱን ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ዜሮው ከተማሪዋ ዓይን በላይ ይሁን። «ቁመቷ አጠር ያለ ተማሪ ዜሮውን ከታች ወደ ላይ አንጋጣ አነበበች። ሲያልቅ ግን ፈሳሹ ዓይኗ ትክክል ወርዶ ስለነበር በደንብ አነበበች። የወረደው መጠን በዝቶ ነው የተመዘገበው ወይስ አንሶ?»

የቡሬት ቁጥር ከላይ ወደ ታች ያድጋል፤ ዓይን ከታች ሲያይ መስመሩ የመስታወቱን ፊት ዝቅ ብሎ ይመታዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ንባብ ከእውነተኛው ይበልጣል። ከመጨረሻው ሲቀነስ የወረደው መጠን ያንሳል፤ አቼቶውም ደካማ ይመስላል። ተማሪዋ በቃል ከምትዳክር ጣቷን ከዓይኗ ወደ መስታወቱ እየዘረጋች ብታሳይ ይቀበሉላት፤ እኔ ራሴ ይህን ሳላሳይ ማስረዳት አልችልም።

ተከታይ ጥያቄ፦ «ሁለቱንም ጊዜ በእኩል መጠን ብትሳሳትስ?» ስሕተቱ በመቀነስ ይጠፋል። ይህን የመለሰ ተማሪ ለምን በሁለት ንባብ ልዩነት እንደምንሠራ ገብቶታል። «መድኃኒቱስ?» ብትሉ ደግሞ ቡሬቱን ዝቅ አድርጎ ማሰር ወይም በርጩማ ላይ መውጣት የሚል ቀላል መልስ ይበቃል።

ጥያቄ ሦስት (5 ነጥብ)

ይህን ካርድ ስጧት፤ ለማንበብ አንድ ሙሉ ደቂቃ አትናገሩ።

«የሙከራ ንባብ፦ 25.9 (ፈጣን)፤ 25.0፤ 25.1፤ 25.0 ሚሊ ሊትር። የተገኘው፦ 6 በመቶ። ጠርሙሱ ላይ ያለው፦ 5 በመቶ።»

መጀመሪያ «አማካዩን ከየትኞቹ ትወስጃለሽ?» ፈጣኑ ሙከራ ወሰኑን ለመገመት ብቻ ስለሆነ አይገባም። ይህ አንድ ነጥብ ነው፤ አትቆዩበት።

ከዚያ «ሦስቱ ንባቦች እንዲህ ተስማምተው ሳለ ውጤቱ ለምን ከጠርሙሱ ተለየ?» የፈተናው እምብርት ይህ ነው። መስማማት ትክክል መሆን አይደለም፤ ሁሉንም እኩል የሚገፋ ስሕተት ንባቦቹን አያራርቃቸውም። ይህን በራሷ አነጋገር ከገለጸች ሁለት ነጥብ።

ቀጥሎ ተጠርጣሪዎቹን ታምጣ። አንደኛው፣ ሃይድሮክሳይዱ ክዳኑ ሳይጠብቅ ሰንብቶ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱ ስለቀነሰ ብዙ ይወርዳል። ሌላው፣ አቼቶው ሲቀጠን ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ተወስዶ ይሆናል። ሦስተኛው፣ የጠርሙሱ ጽሑፍ ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚል ተማሪ ደፋር ነውና አታሸማቅቁት፣ ልክ ነው። ሁለት ተጠርጣሪ ከነምክንያቱ ያመጣ አንድ ነጥብ ያገኛል።

የመጨረሻው ነጥብ ለምርጦቹ ነው፦ «ቡሬቱ በውሃ ብቻ ተለቅልቆ ስለነበር ነው ብልሽ ትቀበይኛለሽ?» መቀበል የለባትም። በቡሬቱ የቀረው ውሃ የሚያቀጥነው የመጀመሪያውን ሙሌት ነው፤ እየተሞላ ሲሄድ ይታጠባል፤ ንባቦቹም እየቀነሱ መምጣት ነበረባቸው። እነዚህ ግን አልተንቀሳቀሱም። በጥያቄ አንድ በትክክል የመለሱትን ተማሪዎች እዚህ ያንኑ መልስ ደግመው ሲያመጡ ታገኟቸዋላችሁ፤ የተሸመደደውና የገባው የሚለዩት እዚህ ነው።

ጥያቄ አራት (3 ነጥብ)

ቴርሞሜትሩን አስይዟት። «አንድ ተማሪ እዚሁ ቤተ ሙከራ፣ ከአራት ኪሎ ብዙ ሳንርቅ፣ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ በደብተሩ 100 ዲግሪ ብሎ ጻፈ። ደብተሩን ምን ትይዋለሽ?»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀላል ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ከነምክንያቱ መናገር አንድ ነጥብ ነው፤ ሁለቱ ነጥቦች የሚሰጡት ቀጥሎ ለሚመጣው ነው፦ «ተማሪው ምን አደረገ ማለት ነው?» ቴርሞሜትሩን ሳያይ መጽሐፉን ገለበጠ፣ ወይም መሣሪያው ተሳስቷል፣ ወይም ጫፉን የቢከሩ ታች ላይ አስነክቶ የእሳቱን ሙቀት ለካ። «የትኛው እንደሆነ በምን ታረጋግጪያለሽ?» ጫፉን ከታች ከፍ አድርጎ እንደገና ማንበብ፣ በሌላ ቴርሞሜትር ማስተያየት፣ በሚቀልጥ በረዶ ዜሮውን መፈተሽ፤ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። 92 ብሎ ጽፎ ከመጽሐፉ ስለተለየ የሰረዘ ተማሪ ደብተር በየዓመቱ አያለሁ። ስርዙ ከስሕተቱ በላይ ያናድደኛል።

ጊዜ ከተረፈ ብቻ፣ ያለ ነጥብ፦ «በፌኖልፍታሊን ፋንታ ሜቲል ኦሬንጅ ብንጠቀምስ?» የሚጠበቀው፣ ቀለሙ አሲዱ ተለክቶ ሳያልቅ ቀድሞ ይለወጣል የሚል ነው።

ጥያቄ አምስት (2 ነጥብ)

ከመቀመጫዋ ልትነሣ ስትል፦ «በግራሽ ያለውን ፍላስክ ተመልከቺው። ስትገቢ ምን ይመስል ነበር?»

ሮዝነቱ ጠፍቷል። ከአየሩ የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃው ውስጥ ደካማ አሲድ ሆኖ የተረፈችውን ጥቂት ሃይድሮክሳይድ አጥፍቷታል። አንድ ነጥብ። ከዚያ «እንግዲያስ ጠብታ መጨመር ነበረብን?» በሉ። አልነበረብንም፤ ሮዙ ለ30 ሰከንድ ያህል ከቆየ ልኬቱ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የምንጨምረው አቼቶውን ሳይሆን የክፍሉን አየር መለካት ነው። ሌላ አንድ።

ቀለሙ ገና ካልጠፋ አታስጨንቋት፤ «ነገ ጠዋት ብንመጣ ምን እናገኛለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ለቀጣዩ ተማሪ ከቡሬቱ አንድ ጠብታ ጨምሩበት፣ ነቅንቁት፣ ሮዝ ሲሆን ወረቀቱ ላይ መልሱትና በሩን ክፈቱ።