እንኳን ወደ ቡድናችን በደህና መጣሽ፣ ሩት

ሰላም ሩት፣

ሰኞ በሞካሪነት ሥራ ትጀምሪያለሽ፤ እኛም በጉጉት እየጠበቅንሽ ነው። ለቃለ መጠይቅ የመጣሽ ቀን የብዛት ሳጥኑ ውስጥ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር አስገብተሽ ሲስተሙ ዝም ብሎ ሲቀበልሽ የናትናኤል ፊት ምን እንደመሰለ አይተሻል። በማግስቱ አስተካክሎታል። ገና ሳትቀጠሪ አንድ ሥራ ሠርተሽልናል ማለት ነው።

ይህን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰው የሚያነበው ያደረገችው ግን ትዕግሥት ናት። የኔው ረቂቅ ከላፕቶፕ ወደ ዓመት ፈቃድ፣ ከዚያ ወደ ሰርቨር እየዘለለ አስቸግሯታል። ቀልዶቼን እንዳታወጣብኝ ለምኛት ጥቂቶቹ ተርፈዋል።

«አንቺ» እያልኩ መጻፌ በቡድኑ ውስጥ አንቱ ስለማንባባል ነው፤ አንቺም ዳዊት በይኝ። ከዚህ ልማድ ውጪ የሆኑት ጋሽ መኮንን ብቻ ናቸው። እሳቸው አንቱ በሉኝ ብለው አያውቁም፣ አንተ ማለት ያቃተን እኛ ነን።

ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ድረሺ። ካላንደርሽ ላይ 9:00 የሚለው ግብዣ እሱው ነው። መግቢያው ላይ ላሉት ጥበቃዎች ስምሽን ሰጥቻለሁ፤ መታወቂያሽን አሳይተሽ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ውጪ፣ ሄለን ደረጃው ጋ ትጠብቅሻለች። ከመታወቂያው ሌላ የተፈረመበትን ውልና የባንክ ሂሳብ ቁጥርሽን ይዘሽ ነይ። እነዚህን የሰው ኃይል ክፍል ከሰዓት በፊት ይቀበልሽና ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሙከራ ጊዜና ስለ ፈቃድ ያስረዳሻል። እነዚህን እኔን ብትጠይቂኝ ግማሹን በግምት ስለምመልስልሽ እነሱን መጠየቁ ይሻላል።

ላፕቶፕሽ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛሽ ላይ አለ። በመጀመሪያው ቀን የምትጨርሺው ነገር ቢኖር አካውንቶችሽን መክፈት ነው፦ ኢሜይል፣ የቡድኑ መወያያ፣ የቲኬት መመዝገቢያውና የኮድ ማከማቻው። ሁሉም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ግዴታ ነው፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹን ስልክሽ ውስጥ ብቻ አታስቀምጪ፣ ስልኩ የጠፋ ቀን ኮዶቹም አብረው ይጠፋሉና። የይለፍ ቃል በቻት የሚጠይቅሽ ሰው ካለ፣ በኔ ስም ቢመጣ እንኳ፣ አትስጪው፤ ደውለሽ አረጋግጪ።

የሙከራ ሲስተሙን በራስሽ ማሽን ላይ ለማስነሳት ኮዱን ካወረድሽ በኋላ እነዚህ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ፦

```
cp .env.example .env
docker compose up -d
```

ካልተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ፕሮግራም ያንኑ ፖርት ይዞት መሆኑ ነው። `README.md` ላይ መፍትሔው ተጽፏል። የተጻፈው ግልጽ ካልሆነልሽ ችግሩ ከጽሑፉ ነውና አስተካክለሽ ላኪልን። የመጀመሪያ ሥራሽ ይኸው ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የምንሠራው የፋርማሲዎችን ክምችት የሚቆጣጠር ሲስተም እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቀላል ይመስላል፦ ዕቃ ይገባል፣ ዕቃ ይወጣል፣ ቀሪው ይታያል። ጣጣው ያለው አንድ መድኃኒት አንድ ዕቃ አለመሆኑ ላይ ነው። ያው እንክብል በሦስት ባች ቁጥር መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ እያንዳንዱ ባች የራሱ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለው፤ ደንቡም ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ ነው፣ ቀድሞ የገባው አይደለም። ሲስተሙ በዚህ ላይ ከተሳሳተ ባለሙያዋ ትክክለኛ መስሏት የተሳሳተውን ባች ታነሳለች፣ የቀረው ደግሞ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበታል።

ቀን ላይ እንድትጨክኚ እፈልጋለሁ። ማሸጊያ ላይ 03/2027 ብቻ ተብሎ ሲታተም መድኃኒቱ እስከዚያ ወር መጨረሻ ድረስ ያገለግላል ማለት ነው። ፕሮግራም ግን ቀኑ ካልተነገረው የወሩን 1ኛ ቀን መያዝ ይቀናዋል፤ ያኔ ደህናው መድኃኒት አንድ ወር ቀድሞ ከሽያጭ ይወጣል። በሌላ በኩል ሰርቨሩ ሰዓት የሚይዘው በ `UTC` ነው፤ የሻጩ ስልክ ወደ አካባቢው ሰዓት ሲቀይር ለእኩለ ሌሊት የቀረበ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ወዲያ ወይም ወዲህ ሊል ይችላል። 29/02/2028ን አስገቢ፣ ከዚያ 29/02/2027ን አስገቢ፤ የመጀመሪያውን መቀበል፣ ሁለተኛውን መመለስ አለበት። ስንት ጊዜ ፈትሸነዋል ብለን ያለፍነው ቦታ ስለሆነ ነው እንደ አዲስ እንድታዪልን የምፈልገው።

ሁለተኛው የራስ ምታታችን ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። አፑ ያለ ኢንተርኔት ይሸጣል፣ ግንኙነቱ ሲመለስ ወደ ሰርቨር ይልካል። ሁለት ሻጮች በሁለት ስልክ ላይ ሆነው ያንኑ የመጨረሻ ፓኬት ሲሸጡትስ? ሁለቱም በየስልካቸው ትክክል ናቸው። ሲገናኙ ነው ጠቡ። ናትናኤል ይህን በቅርቡ እንደ አዲስ ጽፎታል፣ እኔም ኮዱን አይቼ ወድጄዋለሁ፤ እኔ መውደዴ ግን ይሠራል ማለት አይደለም። ሁለት የሙከራ ስልኮች መሳቢያሽ ውስጥ አሉ።

ያገኘሽውን ባግ የምትጽፊበትን መንገድ በተመለከተ፣ ሄለን ባለፈው የከፈተችውን ቲኬት እንዳለ ላሳይሽ፦

«ባርኮድ በፍጥነት ሁለት ጊዜ ሲነበብ ሽያጩ እጥፍ ይመዘገባል። በሙከራ ሰርቨር፣ በሻጭ አካውንት ገባሁ። አንድ ፓኬት ብቻ የቀረውን ባች ከፍቼ በስካነሩ ያለ ፋታ ሁለቴ አነበብኩ። የጠበቅኩት፦ ሁለተኛው ንባብ ክምችት የለም እንዲል። የሆነው፦ ሁለቱም አለፉ፣ ቀሪው -1 ሆነ። በዝግታ ሳነብ አይከሰትም።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር እይልኝ። ናትናኤልን በቀጥታ ወደ ችግሩ የወሰደችው እሷ ናት፤ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው ሳያልቅ እንደሚደርስ ከሷ ነው የገባው። «አይሠራም» የሚል ቲኬት ግን ሁላችንንም ያጣላናል። በተረፈ ባግ የማንም ጥፋት ተደርጎ አይጻፍም፣ ስም አይጠራበትም። ያገኘሽው ነገር ባግ ይሁን ሆን ተብሎ የተሠራ ካልገባሽም ጻፊው፤ መዝጋቱ ሰከንድ አይፈጅም።

በቀልድ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። እውነተኛው ሲስተም ውስጥ የእውነተኛ ሰዎች ስምና የታዘዘላቸው መድኃኒት አለ። እዚያ ላይ ሙከራ አይደረግም፣ መረጃ አይቀዳም፣ ስክሪን አይነሳም። ለሙከራ የሚሆን መረጃ ጋሽ መኮንን በፈጠራ ስሞች አዘጋጅተዋል። እውነተኛው መረጃ ላይ ብቻ የሚታይ ችግር ከገጠመሽ ለእሳቸው ንገሪያቸው፣ አብረውሽ ያዩታል። በስህተት ከገባሽም ወዲያው ተናገሪ። የተነገረን ነገር እናስተካክለዋለን፤ የተደበቀው ነው የሚከፋው።

ስለ ሰዎቹ በአጭሩ፦ ሄለን ሰርቨሩን ትጽፋለች፣ የመጀመሪያ ወር አጋርሽም እሷ ናት፤ ማንን ልጠይቅ ያልሽው ሁሉ ከሷ ይጀምራል። ናትናኤል አፑን ይሠራል፤ የጆሮ ማዳመጫ ካደረገ ጻፊለት፣ ካላደረገ ተናገሪው። ጋሽ መኮንን የመረጃ ቋቱ ባለቤት ናቸው፤ አንድ ጥያቄ ስትጠይቂያቸው መልሱን ከመስጠታቸው በፊት «ለምን ፈለግሽው?» ይሉሻል። መጀመሪያ ላይ ቁጣ ሊመስልሽ ይችላል፣ አይደለም። ለዚያ ጥያቄ መልስ ስትፈልጊ ብዙ ጊዜ የራስሽ ጥያቄ ይቀየራል። ትዕግሥት ከደንበኞች ጋር የምትሠራው ናት፤ የፋርማሲ ሰዎች በስልክ ምን እንደሚሉ የምታውቀው እሷ ስለሆነች ረቡዕ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጠሽ ጥሪዎቹን ስሚ። ከየትኛውም ሰነዳችን ይበልጥ እዚያ ትማሪያለሽ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የምፈልገው ቲኬት እንድትቆጥሪልኝ አይደለም። ሲስተሙን እንደ ሻጭ ተጠቀሚበት፦ ዕቃ አስገቢ፣ ሽጪ፣ መልሺ፣ ቆጠራ ሥሪ። ግራ ያጋባሽን ነገር ሁሉ፣ ትንሽም ብትሆን፣ በቀን በቀኑ መዝግቢ። እኛ ዓይናችን ለምዶታል፤ «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ አንዱ ገጽ ላይ በግራ፣ ሌላው ላይ በቀኝ መሆኑን አሁን የሚያይልን የለም። አንቺም ከወር በኋላ ትለምጂዋለሽ፣ ስለዚህ ሳይደበዝዝ ጻፊው። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ዝርዝርሽን ይዘን እኔና አንቺ ለአንድ ሰዓት እንቀመጣለን።

ስብሰባ አናበዛም። በየቀኑ 4 ሰዓት ላይ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቆመን እንነጋገራለን፦ ትናንት ምን ተሠራ፣ ዛሬ ምን አለ፣ ምን አስቸገረ። አዲስ ነገር ለደንበኛ የሚለቀቀው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ዓርብ አንለቅም፣ ማንም ቢለምን። ከመለቀቁ በፊት «አይለቀቅ» የማለት ሥልጣን አለሽ፤ ምክንያትሽን ንገሪን እንጂ ፈቃዴን መጠበቅ የለብሽም። ይህ ለወጉ ያህል የተጻፈ አይደለም፣ ካንቺ በፊት የነበረው ሞካሪ ደጋግሞ አስቁሞናል።

ካመመሽ ጠዋት አንድ መስመር ጻፊልኝ፣ ይበቃል። ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚመጣ መልእክት እስከ ነጋ ድረስ ይቆያል፤ ማታ ብጽፍልሽ እንዳልረሳው ብዬ ነው፣ መልስ አልጠብቅም። በእውነት አጣዳፊ ከሆነ እደውላለሁ።

ከሰኞ በፊት ሁለት ነገር ብቻ መልሺልኝ፦ ኪቦርድሽ ላይ የአማርኛ ፊደል ይታተምበት ወይስ ባዶው ይሁን፣ እና ወንበርሽን መስኮቱ ጋ ነው ወይስ ግድግዳው ጋ የምትፈልጊው። መስኮቱ ጋ ብርሃኑ ደስ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ናትናኤል መስኮቱን እንደሚፈልገው ሰምቻለሁ፤ ቅድሚያው ግን ያንቺ ነው።

ዳዊት
ከመላው ቡድን ጋር