አየር መጫን ይብቃን
(ቱሉ ዲምቱ ለተሰበሰቡ ባለሀብቶች የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ እስከ ቱሉ ዲምቱ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መንገዱን ስለማውቀው ምስጋናዬ የእውነት ነው።

ስለ አካባቢ ጥበቃ ብዙ አላወራላችሁም። ቆሻሻ ምን እንደሚያደርግ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ሁላችንም እዚሁ ነበርን። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ንግድ ላወራ ነው። ንግዱ ካላዋጣችሁ ብሩን ለእርዳታ ድርጅት ብትሰጡት ይሻላል።

ሥራችን የሃይላንድ ነው። ከቆራሌዎች፣ ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስቡ ማህበራት እና ከሠርግ አዳራሾች ባዶ የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ እንገዛለን። በቀለም እንለየዋለን፣ ከዚያ እንሸጠዋለን። አሁን በወር 9 ቶን ገደማ እናንቀሳቅሳለን። ኪሎውን በ35 ብር ገዝተን በ48 እንሸጣለን።

13 ብር ትርፍ አለው ማለት ነው? የለውም። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ አይሱዙ ስላለዎት ቶሎ ይገባዎታል። መኪናው 5 ቶን ይችላል። ሃይላንድ በጆንያ ሞልተን፣ ገመድ እስኪበጠስ ከምረን ስንጭንበት 600 ኪሎ ቢይዝ ነው። የቀረው አየር ነው። ለአንድ ጉዞ 3,500 ብር እንከፍላለን። በኪሎ ሲሰላ 6 ብር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከ13ቱ ብር ግማሽ ያህሉን መኪናው በላው። የለቃሚዎች ደሞዝና የግቢው ኪራይ ከተቀነሰ በኋላ በወር 14,500 ብር ይተርፋል። ይቺ ለእኔና ለሸሪኬ ደሞዝም አትሆንም።

ሌላም አለ። ልቅ ጠርሙስ ይዞ ፋብሪካ በር ላይ የሚቆም ሰው የሚያናግረው አያገኝም። ፋብሪካ የሚፈልገው የታሸገ፣ የተለየ፣ በየወሩ የማይቀር ጭነት ነው። ስለዚህ ለአቀባይ እንሸጣለን። አቀባዩ መጭመቂያ አለው። እኛ የለቀምነውን እሱ ጨምቆ ልዩነቱን ይወስዳል። አልፈርድበትም፣ ማሽኑ ያለው እሱ ነው።

የምጠይቃችሁም ያንን ማሽን ነው። መጭመቂያው ጠርሙሱን አጥብቆ በሽቦ ያስራል፤ ያው መኪና 4 ቶን ይጭናል። እስከ ፋብሪካው ያለው ጉዞ ከአሁኑ ቢወደድም እንኳ የመኪናው ወጪ በኪሎ ከ6 ብር ወደ 1 ብር ከ40 ሳንቲም ይወርዳል። በቀጥታ ለፋብሪካ ስለምንሸጥ ዋጋው 54 ብር ይሆናል። ለሰብሳቢውም አንድ ብር ጨምረን 36 እንከፍላለን። አንድ ብር ትንሽ ትመስላለች። ቆራሌ ግን ለአንድ ብር ሲል ጋሪውን ከዚህ እስከ አቃቂ ይገፋል።

«ለምን መፍጫና ማጠቢያ አትገዙም? የተፈጨው ይበልጥ ያወጣል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ያወጣል። ሂሳቡንም ሠርቼዋለሁ። ማጠብ ውሃ ይጠይቃል፣ በዚህ ሰፈር ደግሞ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። ያጠብንበትን ውሃም ሳናጣራ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ አንችልም። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። የጠርሙሱ ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ መለየቱ ቀላል ነው። ማጣሪያው ግን ከመፍጫው ይበልጥ ያስወጣል። ዛሬ እሱን ልግዛ ብላችሁ ገንዘባችሁን ቆፍሬ ቀበርኩት ማለት ነው። መጀመሪያ መጭመቂያ።

ገበያው ይቆያል ወይ? በ2017 የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የከለከለው ፌስታልን ነው፣ የውሃ ጠርሙስን አይደለም። ሁለተኛ፣ አዲሱ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲታሰብ ተወዷል። ፋብሪካዎች እዚሁ ለተለቀመ ዕቃ በራቸውን የከፈቱት ለእኛ አዝነው አይደለም።

የሚያሰጋኝንም ልንገራችሁ። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ አዲሱ ፕላስቲክ ይረክሳል፣ የእኛም ዋጋ አብሮ ይወርዳል። እሱን ማስቆም አልችልም። የምችለው ዕቃ አከማችቶ ዋጋ ይጨምራል ብሎ አለመጠበቅ ነው። የገባው በሳምንቱ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰው ውሃ አይገዛም፣ ሠርግም የለም፣ ጠርሙሱም እርጥብ ነው። የክረምቱን ወራት በግማሽ ነው ያሰብኳቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ሥራ የሚወድቀው በሚዛን ነው። ሰብሳቢዎቹን ጠይቋቸው። «ሚዛኑ ይሰርቃል» የማይል የለም። እነሱም በተራቸው ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ይተዋሉ፣ አንዳንዱ አሸዋ ይጨምራል። ሁሉም ሌላውን ሌባ ብሎ ስለሚጀምር ማንም ለማንም ታማኝ አይሆንም። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር ቁጥሩ ለሻጩ ፊት ለፊት የሚታይ የወለል ሚዛን እንገዛለን። ክዳኑ ያልተከፈተ ጠርሙስ አይመዘንም። ሂሳቡም እዚያው በእጁ ይቆጠርለታል። ዱቤ የለም። አምና አንድ ገዢ «ነገ እከፍላለሁ» እያለ ሰፈሩን ሁሉ አስቀይሞ ሄዷል፣ ሰብሳቢዎቹ ወደ እኛ የመጡትም ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ብሩ ልግባ። የምንፈልገው 2,700,000 ብር ነው። 1,400,000 ለመጭመቂያው። 300,000 ለስሪ ፌዝ መስመርና ለወለሉ ኮንክሪት። 100,000 ለሚዛኑ። 900,000 ለመግዣ፤ ምክንያቱም ፋብሪካው የሚከፍለው ከወር በኋላ ነው፣ እኛ ደግሞ ለቆራሌው እጅ በእጅ ነው የምንሰጠው። ይቺን የመጨረሻዋን ብር እንዳትቀንሱብኝ። ማሽን ገዝተው የመግዣ ብር አጥተው የተዘጉ ግቢዎች አይቻለሁ።

በስድስተኛው ወር 25 ቶን እንደርሳለን ብለን ነው የያዝነው። ያኔ በግዢና በሽያጭ መካከል በወር 450,000 ብር ይኖራል። ለ12 ሠራተኞች 96,000፣ ለእኔና ለሸሪኬ 40,000፣ ለመኪና 35,000፣ ለኪራይ 30,000፣ ለመብራት፣ ለሽቦና ለጥገና 40,000 ይወጣል። 209,000 ይቀራል፣ ከግብር በፊት።

ገንዘባችሁ እስኪመለስ ድረስ ከተጣራው ትርፍ 60 በመቶው የእናንተ ነው። ከተመለሰ በኋላ 30 በመቶ ባለድርሻ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ። ግብሩን፣ ክረምቱንና የመጀመሪያዎቹን ወራት ዝግታ ቆጥሬ ወደ 3 ዓመት ይፈጃል ብያለሁ። በአንድ ዓመት ይመለሳል የሚላችሁ ካለ ደብተሩን አስከፍቱት። የባንክ ሂሳቡን ከእናንተ አንዱ በጥምር ፊርማ ይይዛል። ማሽኑ ዕዳው እስኪያልቅ በእናንተ ስም ይሁን ብትሉም ቅር አይለኝም።

እትዬ ቅድም በር ላይ «ሴት ልጅ ከእነዚህ ጎረምሶች ጋር እንዴት ትችያለሽ?» ብለውኝ ነበር። ሚዛኑ ትክክል ከሆነ ከማንም ጋር እችላለሁ፣ እትዬ።

የስድስት ወሩ የግዢና የሽያጭ ደብተር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እየተቀባበላችሁ እዩት። ግቢው ከዚህ አምስት ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰብሳቢዎች ሁሉ ይመጣሉ፣ ሚዛኑ ጋ ቆማችሁ ማየት የምትፈልጉ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ኑ። ነጭ ልብስ ብቻ አትልበሱ። አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ፤ ከዋጋው ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።